ተከራይ ቤቱን አጽድቶ፣ ጥቂት ነገር ጎድቶ ሲወጣ፦ ስለ መያዣ ተመላሽ ዝርዝር ደብዳቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የሚመልሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ተከራዩ ቤቱን አጥቦና ጠራርጎ አስረክቧል፤ ነገር ግን እዚህም እዚያም ትንሽ ጉዳት አለ። አከራዩ ከያዘው ገንዘብ ላይ ምን ያህል ቀንሶ፣ ምን ብሎ ጽፎ ይመልስ? የኪራይ ዕዳ ጥሎ የሄደ ወይም ቤቱን አፍርሶ የወጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

እኔ ከአያት ወዲያ፣ በየካ አባዶና በአካባቢው ያሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን ባለቤቶቹን ወክዬ አከራያለሁ፣ ተከራይ ሲወጣም እረከባለሁ። ከዚህ በታች በምሳሌነት የምጠቅሰው አንድ ቤት ነው፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር 27 ወር የኖሩበት። ኪራዩ በወር 12,000 ብር ነበር፤ መያዣውም የአንድ ወር ኪራይ፣ 12,000 ብር። የዕቃና የእጅ ዋጋዎቹ የዚያ ሰሞን ናቸው። የሕንፃ ዕቃ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ ስላልሆነ አንባቢ ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩን ቢይዝ ይሻላል።

በስልክ ተነጋግሮ መጨረስ እያለ ዝርዝር ደብዳቤ ለምን ያስፈልጋል?

የሚቀነስ ነገር ከሌለ አያስፈልግም። ገንዘቡን አስገብቶ «ተመልሷል» ብሎ መልእክት መላክ ይበቃል። አንድ ብር እንኳ ከተቀነሰ ግን ተከራዩ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው፤ «ለጥገና» የሚል ደረቅ መልስ ደግሞ ማንንም አያሳምንም። ሰው 4,000 ብር ተቀንሶበት ዝርዝሩን ሲያይ ዝም ይላል፤ 1,500 ብር ተቀንሶበት ምክንያቱን ካላወቀ ለጎረቤቱም፣ ለኮሚቴውም፣ ለደላላውም ይናገራል። ሰፈሩ ሩቅ ቢሆንም ወሬው ቅርብ ነው፤ ቀጣዩን ተከራይ የሚያመጣውም ያው ደላላ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል?

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። አከራይ የሚቀበለው ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት እኔ የመጀመሪያው ወር ኪራይና መያዣው አብረው ሲደመሩ ከሁለት ወር እንዳያልፉ አድርጌ ነው የማዋውለው።

ስለ ጉዳት ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረቱን ጥሏል። ውሉ ሌላ ካላለ በር፣ መስኮት፣ ወለልና የውሃ ቧንቧ የመሳሰሉት ጥገናዎች በተከራዩ ላይ ይወድቃሉ፤ ጉዳቱ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከመጣ ግን ተከራዩ አይጠየቅም። ደብዳቤው የሚቆመው በዚህች ልዩነት ላይ ነው። በእርጅና የመጣውን ለይቶ ያላወጣ አከራይ የጻፈው ዝርዝር ቢያምርም አይጸናም።

ከጉዳቱ የትኛው ይቀነሳል፣ የትኛው አይቀነስም?

ወደ ቤቱ እንግባ። ሳሎኑ የፒቪሲ ወለል አለው፤ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነው፣ በብዙ የጋራ መኖሪያ ቤት የምናየው ዓይነት። ቡና በሚፈላበት ማዕዘን ላይ ከከሰል ምድጃው የወደቀ ፍም አራት ንጣፎችን አቃጥሏል፤ አንዱ እስከ ሲሚንቶው ተበስቷል። ይህ እርጅና አይደለም፣ ይቀነሳል። የሚቀነሰው ግን የአራት ንጣፍ ዋጋ እንጂ የሳሎኑ ሁሉ ወለል አይደለም። ባለቤቱ «ቀለሙ አይገጥምም፣ ሙሉው ይቀየር» ብለው ነበር። አይገጥምም የሚለው እውነት ነው፤ የሦስትና የአራት ዓመት ፒቪሲ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ይለያል። ለዚህ ሠራተኞች የሚያውቁት መላ አለ፦ ቁም ሣጥን ከሚቆምበት ጥግ አራት አሮጌ ንጣፎች በጥንቃቄ ይነሱና የተቃጠለው ቦታ ላይ ይለጠፋሉ፤ አዲሶቹ ቁም ሣጥኑ ሥር ይገባሉ። እንዲሁ ነው ያደረግነው።

የሳሎኑ አንድ ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ነበር። ማሰሪያው አራት ብሎን ብቻ ይፈልጋል፤ ግድግዳው ላይ ግን ዘጠኝ ቀዳዳ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግድግዳው ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ነው፤ መሰርሰሪያው ባዶው ጋ ሲገባ ፊሸሩ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ ሰውየው ደግሞ ከጎኑ ሌላ ይበሳል። ልስኑም በየቀዳዳው ዙሪያ ተፈርፍሯል። ይህም ይቀነሳል። መኝታ ቤት ውስጥ ለመጋረጃና ለፎቶ የተመቱት ጥቃቅን ሚስማሮች ግን አይቀነሱም፤ ሰው መጋረጃ ሳይሰቅል፣ የልጁን ፎቶ ሳያንጠለጥል ቤት ውስጥ ይኑር ማለት አይቻልም።

የትንሹ መኝታ ቤት መስኮት አንድ መስታወት በልጆች ኳስ ተሰንጥቋል፤ ይቀነሳል። የዋናው በር ሦስት ቁልፍ ተሰጥቶ ሁለት ተመልሷል። ባለቤቱ የበሩ ቁልፍ በሙሉ በተከራዩ ገንዘብ እንዲቀየር ፈልገው ነበር። አልተስማማሁም። አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር የዋናውን በር ሲሊንደር መቀየር የአከራይ ፋንታ ነው፤ ሦስቱም ቁልፍ ቢመለስ እንኳ ስንት ኮፒ እንደተቀረጸ ማን ያውቃል? ከተከራዩ የወሰድነው የአንድ ቁልፍ ዋጋ ብቻ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቢጫ የውሃ ምልክት አለ፤ ከላይ ካለው ቤት የሚንጠባጠብ ነው። የመታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ውስጡ ያለው ጎማ አልቋል። የግድግዳው ቀለም በየማብሪያ ማጥፊያው ዙሪያ በእጅ ወዝ ደብዝዟል። ከነዚህ አንዱም ተከራዩን አይመለከትም።

የዕቃው ዕድሜ እንዴት ይታሰባል?

ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ጥገናው ሲያልቅ አከራዩ ከነበረው የተሻለ ነገር ያገኛል ወይስ የነበረውን ብቻ? ግድግዳው በሙሉ ሲቀባ አከራዩ አዲስ ቀለም ያገኛል፤ የነበረው ግን የ27 ወር ቀለም ነው። ልዩነቱን ተከራዩ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። እኔ የውስጥ ቀለምን ዕድሜ ሦስት ዓመት፣ ማለትም 36 ወር አድርጌ ውሉ ላይ አጽፋለሁ። ሕግ ያወጣው ቁጥር አይደለም፤ ልጆች ባሉበት ቤት ቀለም ከዚያ በላይ እንደማይቆይ ስለማውቅ ነው። ከ36 ወሩ 27ቱ አልፏል፣ የቀረው ዘጠኝ ወር ነው፤ አንድ አራተኛ። ግድግዳውን ለመቀባት 2,600 ብር ወጣ፤ የተከራዩ ድርሻ 650 ብር ሆነ።

የቀዳዳዎቹ መደፈን ግን ሌላ ነው። ዘጠኙን ቀዳዳ በስቱኮ ሞልቶ፣ አድርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ 600 ብር አስወጣ። ይህ ሥራ ግድግዳውን ከነበረው የተሻለ አያደርገውም፤ ያልተበሳ ግድግዳ ነበር፣ አሁንም ያልተበሳ ሆነ። ስለዚህ 600ው ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓይነት ስሌት ያለው ለዚህ ነው፤ ደብዳቤው ላይም በሁለት መስመር ተለይቶ መጻፍ አለበት።

የፒቪሲው ጥገናም እንዲሁ ነው። አራት ንጣፍ መለጠፍ ወለሉን አዲስ አያደርገውም፤ ሙሉ ዋጋው ይቀነሳል። ወለሉ በሙሉ ቢቀየር ኖሮ ዕድሜው ይታሰብ ነበር። መስታወት ደግሞ አያረጅም፤ የአምስት ዓመት መስታወትና የዛሬው መስታወት ሥራቸው አንድ ነው፣ ሙሉ ዋጋው ይቀነሳል።

አንዳንድ አከራይ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቀለሙ 36 ወር ካለፈው ተከራዩ እንደፈለገ ቢያቆሽሸው ምንም ልል አልችልም?» ይላል። ስለ ቀለሙ፣ አዎ፣ አይችልም። ስለ ቀዳዳው፣ ስለተላጠው ልስን፣ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈው የማይለቅ ወረቀት ግን ይችላል።

ቤቱ ጽዱ ነው፤ ሆኖም ለአዲሱ ተከራይ አስጸዳዋለሁ። የጽዳቱን ዋጋ መቀነስ እችላለሁ?

አይችሉም። ተከራዩ ቤቱን የመመለስ ግዴታ ያለበት በተረከበው ልክ ነው። ይህ ቤተሰብ ወለሉን አጥቧል፣ የወጥ ቤቱን ሴራሚክ በሳሙና አሽቷል፣ ሽንት ቤቱን አጽድቷል፣ ቆሻሻውን አውርዶ ጥሏል። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ስስ የዘይት ወዝ ነበረ፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ተጣበቀ። ለዚህ 1,500 ብር ለጽዳት ሠራተኛ ማስከፈል ፍርደ ገምድልነት ነው። በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ነገር ጉዳት አይባልም።

እንዲያውም ደብዳቤው ላይ «ጽዳት፦ 0 ብር» የሚል መስመር ያስገቡ። የተጻፈ ዜሮ ዋጋ አለው፤ ተከራዩ የደከመበት ነገር መታየቱን ያውቃል፣ የቀሩትን መስመሮችም በቀና ልብ ያነባል።

የምጣዱ ሶኬት ተቃጥሏል። ማን ይከፍላል?

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል፣ መልሱም አንድ ዓይነት አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠቀማል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል። ይህን ያህል ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚችለው የራሱ መስመርና የራሱ ቆራጭ ያለው ሶኬት ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የተቃጠለው የትኛው እንደሆነ ይዩ። ምጣዱ የተሰካው ለቴሌቪዥንና ለስልክ በተሠራ ተራ ሶኬት ወይም በማከፋፈያ ከሆነ ጥፋቱ የተከራዩ ነው። ለምጣድ በተዘጋጀው ሶኬት ላይ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይፍታውና ጀርባውን ይዩ። ሽቦው ብሎኑ ጋ ጠቁሮ፣ ልባሱ ቀልጦ ከሆነ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ላልቶ ነው፤ የላላ ማሰሪያ ይሞቃል፣ የሞቀ ደግሞ ይበልጥ ይላላል። ተከራይ የግድግዳ ውስጥ ብሎን ሊያጠብቅ አይጠበቅበትም።

በምሳሌው ቤት ሶኬቱ የምጣድ ነበር፣ የጠቆረውም ከጀርባው ነው። ዋጋውን ባለቤቱ ከፈሉ። ደብዳቤው ላይም «ታይቷል፣ አልተቀነሰም» ተብሎ ከነምክንያቱ ገባ።

ሠራተኛው ደረሰኝ አልሰጠኝም። ምን ላያይዝ?

ዕቃውን ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ሲገዙ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ይሰጣሉ። ቀለም ቀቢው፣ መስታወት ገጣሚውና ወለል ለጣፊው ግን በቀን ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ደረሰኝ የላቸውም። በነጭ ወረቀት ላይ የሠሩትን ሥራ፣ የተቀበሉትን ብር፣ ቀኑንና ስልካቸውን ጽፈው ይፈርሙ። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ካስተላለፉ ያ ማስረጃ ይበልጥ ይጠነክራል።

ባለቤቱ ራሳቸው ወይም ልጃቸው የሠሩትን ሥራ በሠራተኛ ዋጋ ማስላት አልመክርም። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይቀንሱ። ገና ያልተሠራን ሥራ በግምት መቀነስም እንዲሁ ለጠብ ይጋብዛል፤ የግድ ከሆነ ከአንድ ባለሙያ የተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ ይያያዝና ሥራው ሲያልቅ ልዩነቱ እንደሚመለስ ይጻፍ።

ደብዳቤው ራሱ ምን ይመስላል?

የምሳሌው ቤት ደብዳቤ፣ ስምና የቤት ቁጥር ወጥቶለት፣ ይኸው፦

> ቀን፦ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለ፦ ወ/ሮ ………
>
> ጉዳዩ፦ የመያዣ ገንዘብ ተመላሽ
>
> ከግንቦት 1 ቀን 2015 እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከራይተው የኖሩበትን የየካ አባዶ ብሎክ …… ቤት ቁጥር …… ሐምሌ 30 ቀን አስረክበውናል። ርክክቡ ላይ እርስዎ፣ ባለቤትዎና እኔ ተገኝተን ቤቱን አብረን ያየን ሲሆን፣ የያዝነውን ማስታወሻ ሦስታችንም ፈርመንበታል። ቤቱን በንጽሕና ስላስረከቡን እናመሰግናለን።
>
> በእጃችን ያለው መያዣ፦ 12,000 ብር
>
> ከዚህ ላይ የተቀነሰ፦
>
> 1. ሳሎን፣ በፍም የተቃጠሉ 4 የፒቪሲ ንጣፎች። ንጣፍ 440 ብር፣ ማጣበቂያ 260 ብር፣ የእጅ 400 ብር። ድምር 1,100 ብር። (ፎቶ 1 እና 2)
> 2. ሳሎን፣ የቴሌቪዥን ግድግዳ፣ 9 ቀዳዳ መድፈንና ማለስለስ። 600 ብር። (ፎቶ 3 እና 4)
> 3. ይኸው ግድግዳ፣ ቀለም። ወጪው 2,600 ብር፤ ቀለሙ ከ36 ወር ዕድሜው 27 ወር ያገለገለ በመሆኑ የእርስዎ ድርሻ አንድ አራተኛ። 650 ብር።
> 4. ትንሹ መኝታ ቤት፣ የተሰነጠቀ መስታወት 40 በ90 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። መስታወት 650 ብር፣ መግጠሚያ 300 ብር። ድምር 950 ብር። (ፎቶ 5)
> 5. ያልተመለሰ የዋና በር ቁልፍ፣ አንድ። 200 ብር።
> 6. እስከ ሐምሌ 30 ቀን ያለው የውሃ ሂሳብ። 640 ብር። (ቢሉ ተያይዟል)
>
> ጠቅላላ የተቀነሰ፦ 4,140 ብር
>
> ታይቶ ያልተቀነሰ፦ ጽዳት (0 ብር)፤ የምጣድ ሶኬት፣ ማሰሪያው ላልቶ የተቃጠለ ስለሆነ፤ የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ፣ ከላይኛው ቤት የወረደ ውሃ ስለሆነ፤ የመታጠቢያ ቧንቧ፣ በአገልግሎት ያለቀ ጎማ ስለሆነ፤ የመኝታ ቤት የመጋረጃና የፎቶ ሚስማር ቀዳዳዎች።
>
> ተመላሽ፦ 7,860 ብር
>
> ገንዘቡ ዛሬ ኪራይ ይከፍሉበት ከነበረው የባንክ ሂሳብዎ ገብቷል። በዝርዝሩ ላይ የማይስማሙበት መስመር ካለ የመስመሩን ቁጥር ጠቅሰው በ10 ቀን ውስጥ ቢያሳውቁን አብረን እናየዋለን። ደረሰኞቹንና ፎቶዎቹን አያይዘናል።
>
> ፊርማ ………

ከአንድ ገጽ አይበልጥም። «ጉዳት» የሚለውን ቃል ብቻውን የትም እንዳልተጠቀምኩ ልብ ይበሉ፤ ሁሉም መስመር ክፍሉን፣ የተጎዳውን ነገርና መጠኑን ይናገራል። «በቸልተኝነት» ወይም «በግድየለሽነት» የሚሉ ቃላትም የሉም። ፍሙ ለምን እንደወደቀ ደብዳቤው አያገባውም፤ አራት ንጣፍ መቃጠሉ ይበቃዋል።

ገንዘቡ ከደብዳቤው በፊት ይላክ ወይስ በኋላ?

በአንድ ቀን። ደብዳቤው ቀድሞ ገንዘቡ ከዘገየ ተከራዩ በየመስመሩ ለመደራደር ይደውላል። ገንዘቡ ቀድሞ ደብዳቤው ከዘገየ ደግሞ 7,860 ብር ሲያይ «የቀረው የት ሄደ?» ብሎ ይቆጣል፤ በኋላ የሚደርሰው ማብራሪያ ሰበብ ይመስለዋል። ከደብዳቤው ጋር «ከተስማሙ ፈርመው ሲመልሱ ገንዘቡ ይላካል» ማለት ደግሞ ሰውን በገዛ ገንዘቡ ማስገደድ ነው። አልወደውም፣ አላደርገውምም።

የውሃ ቢሉ ገና አልመጣም። እስኪመጣ ሁሉንም ይዤ ልቆይ?

አይሆንም። በርክክቡ ቀን የውሃ ቆጣሪውን አብራችሁ አንብቡና ቁጥሩን በፎቶ አስቀሩ። ያለፉትን ሦስት ቢሎች አማካይ ወስደው፣ ትንሽ ጨመር አድርገው ያንን ብቻ ይያዙ፤ የቀረውን ይመልሱ። ደብዳቤው ላይም «ለውሃ በጊዜያዊነት የተያዘ» ብለው ይጻፉት። ቢሉ ሲመጣ ፎቶውን ከልዩነቱ ጋር ይልካሉ። በአካባቢያችን ውሃ በተራ ስለሚመጣ የአንድ ወር ቢል ከሌላው ወር ብዙ ሊለያይ ይችላል፤ የአንዱን ወር ብቻ መነሻ ማድረግ ያሳስታል።

መብራት በካርድ ቆጣሪ ከሆነ ዕዳ አይኖርም። ቆጣሪው ላይ የቀረ ሂሳብ ካለ ግን የተከራዩ ገንዘብ ነው፤ ሃምሳ ብርም ቢሆን ተመላሹ ላይ ይደመር።

ተከራዩ ሲገባ ፎቶ አላነሳሁም። አሁንስ?

ያኔ አቋምዎ ደካማ ነው፤ ደካማ መሆኑን አውቀው ይጻፉ። ሲገባ የተፈረመ የርክክብ ዝርዝር ካለ እሱ ይበቃል። እሱም ከሌለ በራሱ የሚናገረውን ጉዳት ብቻ ይቀንሱ፦ ሰሞነኛ መሆኑ በዓይን የሚታይ ስንጥቅ፣ ተከራዩ ራሱ በርክክቡ ላይ «አዎ፣ ልጆቹ ናቸው» ያለው መስታወት። «ይህ ጭረት ሲገቡ አልነበረም» የሚለው ክርክር ውስጥ አይግቡ፤ ፎቶ የሌለው ሰው አያሸንፍበትም።

ፎቶ ሲነሳ የሚረሳ ነገር አለ። ጉዳቱን ከቅርብ ብቻ ማንሳት አይበቃም፤ የትኛው ቤት፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ከሩቅ፣ ክፍሉ እንዲለይ አድርጎ፣ ሌላውን ከቅርብ ሜትር ወይም እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጦ ማንሳት ይገባል።

ተከራዩ ባይስማማስ?

የማይስማማበትን መስመር ለይቶ ይናገር። በምሳሌው ቤት ወይዘሮዋ ደውለው ቁልፉን አነሡ፤ ሦስተኛው ቁልፍ ከባለቤታቸው መኪና ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ቁልፉን በሰው ላኩ፣ 200 ብሩ በዚያው ቀን ተመለሰላቸው። ስለ ቀለሙም ጠይቀው ነበር፤ የአንድ አራተኛውን ስሌት ስነግራቸው «እኔ ሙሉውን የምትቀንሱ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከቤቶቹ ማኅበር ኮሚቴ አባላት አንዱ፣ ቤቱን አይቶ ሐሳብ ቢሰጥ ይጠቅማል። በገበያው ዋጋ ላይ ክርክር ከተነሳ ተከራዩ ራሱ ሠራተኛ አምጥቶ እንዲያሠራ መፍቀድ ይቻላል፤ አዲስ ተከራይ ከመግባቱ በፊት እስከሆነ ድረስ እኔ ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ። ወደ ፍርድ ቤት መሄድ የሁለቱም መብት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ መስታወት ዋጋ ከአባዶ እየተመላለሰ ችሎት የሚቀመጥ ሰው የትራንስፖርቱ ብቻ ይበልጥበታል።

ጉዳቱ ከመያዣው ቢበልጥስ?

ጽዱ ሆኖ ጥቂት በተጎዳ ቤት ላይ ይህ ከተፈጠረ ስሌቱን እንደገና ይዩት። ባለቤቱ በመጀመሪያ ያሰቡት ሙሉ ወለል፣ ሙሉ ቀለም፣ ጽዳትና አዲስ የበር ቁልፍ ቢደመር 12,000 ብሩ አይበቃውም ነበር። ያው ቤት፣ ያው ጉዳት፣ 4,140 ብር።

የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ናቸው። ደብዳቤውን ማን ይፈርማል?

በተረጋገጠ ውክልና ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ይፈርማል፤ ከስሙ ሥር «በውክልና» ብሎ የውክልናውን ቁጥርና ቀን ይጽፋል። ውክልናው ማከራየትን ብቻ ሳይሆን ገንዘብ መቀበልንና መመለስን እንደሚጨምር አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። ወንድም ወይም እህት በቃል ብቻ ቁልፍ ይዞ የሚጠብቅ ከሆነ ርክክቡን ሊያደርግ፣ ፎቶ ሊያነሳ ይችላል፤ ደብዳቤው ግን ከባለቤቱ ተፈርሞ፣ በስልክ ፎቶም ቢሆን፣ ይምጣ። መያዣውን የተቀበለው በራሱ ሂሳብ ከሆነ ደግሞ የሚመልሰውም እሱ ስለሆነ ስሙ ደብዳቤው ላይ መኖር አለበት።